«ይጠራና ይታያል» ያለው ማንን ነው?

ጅማ ውስጥ የአንድ ቡና አምራቾች ማኅበር ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነኝ። ዓምና መስከረም ላይ፣ ረቡዕ ቀን፣ ስለ መፈልፈያው ማሽን የተባለውን ከስልክ ቅጂው እንዳለ ልገልብጠው፦

ሊቀመንበሩ፦ «ያ ማሽን ዘንድሮም እንዳያዋርደን።»
መጋዘን ጠባቂው፦ «ቀበቶው ነው። አጋሮ መካኒክ አለ፣ አውቀዋለሁ።»
ሊቀመንበሩ፦ «እንግዲህ ይጠራና ይታያል።»
ሒሳብ ሹሟ፦ «ብሩ ከጁምዓ በኋላ ይወጣል።»
መጋዘን ጠባቂው፦ «ኢንሻ አላህ።»

እኔም «ማሽኑ እንዲጠገን ተወሰነ» ብዬ ዘጋሁት። ቀዩ ቡና ሲደርስ ማሽኑ እንደቆመ ነበር። የተለቀመ እሸት ቶሎ ካልተፈለፈለ ይቦካል፤ ስለዚህ አልጋ ላይ አስጥተን በጀንፈል ሸጥነው። ዋጋው ያው ዝቅ ያለ ነው።

ከዚያ በኋላ ቅጂውን ደግሜ ሰማሁት። ይጠራል፣ ይታያል፣ ይወጣል፦ ሦስት ግስ፣ አንድም አድራጊ የለም። በአማርኛ እንዲህ መናገር ጨዋነት ነው፤ ለቃለ ጉባኤ ጸሐፊ ግን ወጥመድ ነው። አንድ አድርጌ የጻፍኩት ውሳኔም ሦስት ሥራ ሆኖ ተገኘ፦ መካኒኩን መጥራት፣ ብር ማውጣት፣ ማሽኑን መሞከር።

«አውቀዋለሁ» ማለት «እጠራዋለሁ» ማለት አይደለም፤ የሚጠራው ማን ሊሆን እንደሚችል ብቻ ይጠቁማል። «ኢንሻ አላህ»ም የመጣው ስለ ብሩ ከተነገረ በኋላ እንጂ ስለ መካኒኩ ሲነሳ አልነበረም። ስጠይቃቸው ነገሩ ተገለጠ፦ ጠባቂው ብሩ እስኪወጣ፣ ሒሳብ ሹሟ ደግሞ መካኒኩ ዋጋ እስኪናገር ይጠብቁ ነበር። «ከጁምዓ በኋላ»ንም እሷ አርብ ከሰዓት፣ እሱ የሚቀጥለው ሳምንት ብለው ነው የተረዱት።

አሁን የተባለውን ቃል ሳልነካው እጽፍና አጠገቡ ሥራውን፣ ሰውየውንና ቀኑን አስቀምጣለሁ። በአፉ ካልተናገረው «ግምት» እላለሁ። ቀን ካልተጠራ ከሥራው ወደ ኋላ እቆጥራለሁ፦ ለቀማ ከመጀመሩ ሁለት ሳምንት በፊት ሙከራ፣ ከዚያ በፊት ጥገና፣ ከዚያ በፊት ብር። የቆጠርኩት ቀንም ቢሆን ባለቤቱ እስኪቀበለው ድረስ ግምት ነው።

የዚያኑ ማታ ለእያንዳንዱ እደውላለሁ። «ጋሼ፣ ለመካኒኩ ነገ ደውለው ዋጋውን ለሒሳብ ሹሟ ይነግራሉ ብዬ ይዣለሁ፤ ካልሆነ ያርሙኝ።» ስልክ ካላነሱ «ግምት» የሚለው አይነሳም። አንዴ ሳልጠይቅ የአንድ ሽማግሌ ስም ጽፌ በስብሰባ መሃል አነበብኩት። «ማን ሰጠኝ?» አሉኝ፤ ለሁለት ወር ያህል ሰላምታ ነሱኝ።

«ይታሰብበታል» ለሚለው ደግሞ ሰው አልፈልግለትም። በእኛ ሊቀመንበር አፍ «አይሆንም» ማለት ነውና «ያልተወሰነ» ከሚለው ሥር አኖረዋለሁ።