የዘለልነው ቁጥር

ጅማ፣ ሰኔ፤ የፈተናው ሳምንት ሦስተኛ ቀን

ዛሬ ጠዋት ተማሪዎቹ ወደየክፍላቸው ከገቡ በኋላ፣ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ከፈተናው ፕሮግራም ጎን የለጠፍኩትን ባለሁለት ስንኝ ግጥም ራቅ ብዬ ቆሜ አነበብኩት። እነዚህን ሁለት ስንኞች ለመጻፍ ሦስት ምሽት ፈጅቶብኛል። ለምን ያን ያህል ጊዜ እንደወሰደብኝ እዚህ ልጽፈው ፈለግሁ፤ ምክንያቱም ለፈተና ሳምንት የሚጻፍ ግጥም ከማንኛውም ግጥም ይልቅ ተማሪውን ዝቅ አድርጎ የማየት አደጋ እንዳለበት የተረዳሁት በዚህ ሥራ ላይ ነው።

መነሻዬ ከጥቂት ዓመታት በፊት የጻፍኩት ግጥም ነው። እንዲህ ይል ነበር፦

ተማሪ ሆይ ንቃ፣ ተነሣ ከእንቅልፍህ፤
ያዘው ደብተርህን፣ ጊዜው ሳያመልጥህ።

በክፍል ውስጥ በማስተምረው መለኪያ ብንመዝነው እንከን የለበትም። የወል ቤት ነው፤ እያንዳንዱ ስንኝ በሁለት ሐረግ ይከፈላል፣ እያንዳንዱም ሐረግ ስድስት ቀለም አለው፣ ቤቱም በ«ህ» ይመታል። በለጠፍኩት ማግሥት ግን አንዲት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ከፊቱ ቆማ አገኘኋት። «ቲቸር፣ ይኼ ለወንዶች ብቻ ነው እንዴ?» አለችኝ፤ መልስ ሳልሰጣት ደግሞ «እኔ እኮ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ነቅቼ ነው ያለሁት፤ ማንን ነው የሚቀሰቅሰው?» ብላ ጨመረች። ልጅቷ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። በንግግሯ ውስጥ ድፍረትም ሆነ ቁጣ አልነበረም፤ በእርግጥ ማወቅ ፈልጋ ነው የጠየቀችኝ።

ሁለቱም ጥያቄዎቿ የግጥሙን ሁለት ጥፋት ለይተው ያሳዩ ነበሩ። የመጀመሪያው የቋንቋ ጉዳይ ነው። በአማርኛ አንድን ሰው በነጠላ ስናዝ ግሡ ራሱ ወንድ ወይም ሴት መሆኑን ይናገራል፤ «ንቃ» ካልን ሴቶቹን ከሰሌዳው ፊት አስወጥተናቸዋል። «ንቂ» ብንለው ደግሞ ወንዶቹ ይወጣሉ፣ «ከእንቅልፍህ» የሚለውም «ከእንቅልፍሽ» ሲሆን ቤቱ ከ«ህ» ወደ «ሽ» ይዞራል። «ንቁ» ብለን በብዙ ቁጥር ብናዘው የፆታው ችግር ይቃለላል፤ ሁለተኛው ጥፋት ግን ባለበት ይቀራል። ግጥሙ ተማሪው ተኝቷል ብሎ ነው የሚጀምረው። የፈተና ሳምንት ደግሞ ተማሪው ከሌላው ጊዜ ሁሉ ይልቅ የሚተጋበት ሳምንት ነው፤ በዚያ ሳምንት «ተነሣ» የሚለው ሰው ተማሪውን አላየውም ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ለራሴ አንድ ደንብ አወጣሁ፦ ግጥሙ ስለ ተማሪው ጠባይ ምንም እንዳይናገር፣ ስለ ፈተናው ግን አንድ እውነተኛ ነገር እንዲናገር። ስለ ስንፍና፣ ስለ ጀግንነት፣ ስለ ነገው ሀኪምና ኢንጂነር የሚያወሩ ስንኞችን ሁሉ ተውኩ። የፈተናው ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ላለ ሰው የሚጠቅም አንድ ነገር ካላገኘሁ ሰሌዳው ባዶውን ቢውል ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

የዘንድሮው ነገር የተገኘው ባለፈው መንፈቅ ካረምኩት አንድ የመልስ ወረቀት ነው። አርባ የምርጫ ጥያቄዎች ነበሩት። ልጁ እስከ 16ኛው ድረስ አሥራ አራቱን በትክክል መልሶ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ውጤቱ በድንገት ወደቀ፣ እስከ መጨረሻው ያገኘው ስድስት ብቻ ነው። ልጁን አውቀዋለሁና ነገሩ አልዋጥልህ አለኝ። ወረቀቱን ዳግመኛ ሳየው የ40ኛው ረድፍ ባዶ ነበር። የመልሱን ቁልፍ አንድ ረድፍ ወደ ላይ ከፍ አድርጌ ከመልሶቹ ጎን ሳስቀምጠው ሁሉም ነገር ግልጽ ሆነ፤ ልጁ 17ኛውን ጥያቄ ዘልሎታል፣ የ18ኛውን መልስ ግን በ17ኛው ረድፍ ላይ አጥቁሯል፣ ከዚያ በኋላ የመጡት ሃያ ሁለቱም ተከትለውት አንዳንድ ረድፍ ወደ ላይ ወጥተዋል። ከ18 እስከ 40 ካሉት ሃያ ሦስት ጥያቄዎች አሥራ ዘጠኙን ያውቃቸው ነበር። ሠላሳ ሦስት ማግኘት የሚገባው ልጅ ሃያ አገኘ፤ ስድስቱም ቢሆኑ በአጋጣሚ የገጠሙ ናቸው።

ይህ ስህተት በጊዜ ከታየ በላጲስ የሚድን ነው፤ ችግሩ የሚታየው መጨረሻ ላይ መሆኑ ነው። ጥያቄው አልቆ አንድ ረድፍ ሲተርፍ ተማሪው ይደነግጣል፣ ፈታኙም «አምስት ደቂቃ ቀረ» ሊል ይችላል። የብሔራዊ ፈተናውን የወረቀት መልስ የሚያነበው ደግሞ ማሽን ነው፤ ማሽን ቁልፉን ከፍ ዝቅ አድርጎ አይሞክርም። በኮምፒውተር ለሚፈተኑት መልሱ ከጥያቄው ጋር በአንድ ላይ ስለሚታይ እንዲህ ያለው መንሸራተት አያሰጋም፤ የእኛ የመንፈቅ ፈተና ግን በወረቀት ነው።

ስለዚህ ዘልሎ ማለፍን የሚከለክል ሳይሆን የተዘለለውን ቦታ የሚጠብቅ ግጥም መጻፍ ነበረብኝ። ከባድን ጥያቄ ትቶ ወደ ፊት መሄድ ትክክለኛ ዘዴ ነውና። የመጀመሪያው ምሽት ሙከራዬ ይህ ነበር፦

ያለፍነው ጥያቄ ገጹ ላይ ይቆያል፤
ሌላውን ስንጨርስ ዳግም ይነበባል።

ደስ ብሎኝ ነበር የተኛሁት። በማግሥቱ ለአንድ ተማሪ አሳየሁትና «ያለፍነው ጥያቄ ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅሁት፤ «ያገኘነው፣ በትክክል የመለስነው» አለኝ። እውነት አለው፤ በፈተና ሰሞን «ማለፍ» የሚለው ቃል አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው። ሰምና ወርቅ በሌላ ቦታ ያስከብራል፤ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ግን አንባቢው በእግሩ እያለፈ በጥቂት ሰከንድ የሚያነበው ስለሆነ ሁለተኛ ትርጉም ያለው ቃል ያሰናክለዋል። በተለይ በእኛ ትምህርት ቤት አብዛኛው ተማሪ አፉን የፈታው በአፋን ኦሮሞ ስለሆነ፣ ከግእዝ የመጣ ከባድ ቃልና ለቤት መምቻ ሲባል የተገለባበጠ ዓረፍተ ነገር በዚህ ሰሌዳ ላይ ቦታ የላቸውም። የአፋን ኦሮሞ መምህሩ ከጎኔ የራሱን ግጥም ይለጥፋል፤ የእኔን እንዲተረጉምልኝ አንድ ጊዜ ጠይቄው «ትርጉም መሆኑ ያስታውቃል፤ እኔ ከራሴ ቋንቋ ልጀምር» ብሎኛል፣ ትክክልም ነበር።

ልጆቹ ራሳቸው የሚሉት «ዘለልኩት» ነው። ቃሉን ከእነሱ ወሰድኩ። የግጥሙ ሌላ ጉድለት ደግሞ ስለ መልስ ወረቀቱ ምንም አለማለቱ ነበር፤ ልጁን የጎዳው ጥያቄውን መርሳቱ ሳይሆን ረድፉን መሙላቱ ነው። በሦስተኛው ምሽት እዚህ ላይ ደረስኩ፦

የዘለልነው ቁጥር፣ ቦታው ባዶ ይቆይ፤
የሚቀጥለው ግን ከቁጥሩ ጋር ይታይ።

«የተዘለለው» ብዬ ማንንም ሳልጠቅስ ብጽፈው ደስ ባለኝ፤ ነገር ግን አንድ ቀለም ይተርፍና ሐረጉ ሰባት ይሆናል። «የዘለልነው» ላይ ያለው «እኛ» ትንሽ አስጨንቆኛል፤ የማይፈተን መምህር «እኛ» ሲል የውሸት ወዳጅነት ሊመስል ይችላልና። በመጨረሻ የተውኩት እኔም በዘመኔ ጥያቄ የዘለልኩ ተማሪ ስለነበርኩ ነው። «ይቆይ» እና «ይታይ» የሚሉት ግሦች ግን ሙሉ በሙሉ አርክተውኛል፤ የሚታዘዘው ተማሪው ሳይሆን ቦታው ነው፤ ወንድም ሴትም ሳይል ሁሉም ያነበዋል።

ለከሰዓት በኋላው ደግሞ ከዚህ ያጠረ ሌላ አለኝ። ጠዋት የተፈተኑት ከክፍል ሲወጡ በር ላይ ተሰብስበው መልስ ያመሳክራሉ፤ አንዱ «ሐ ነው» ሲል ሌላው ፊቱ ይለወጣል፣ በዚያው ስሜት ለከሰዓቱ ፈተና ይገባል። «አታመሳክሩ» ማለት አይሠራም፤ እኔም አመሳክሬያለሁ። ስለዚህ የሆነውን ብቻ በቡሄ በሉ ቤት፣ አራት አራት ቀለም ባላቸው ሐረጎች ጻፍኩት፦

የጠዋቱ ተሰብስቧል፤
የከሰዓቱ ይጠብቃል።

«የከሰዓቱ» በጽሑፍ ሲታይ አምስት ቀለም ይመስላል፤ በአፍ ሲነገር ግን «ሰዓ» የሚለው በአንድ ትንፋሽ ስለሚወጣ አራት ነው፣ ቀለም የሚቆጠረውም በጆሮ ነው። ይህን የምለጥፈው የጠዋቱ ፈተና ሲያልቅ ብቻ ነው፤ ጠዋት ላይ ቢነበብ ምንም አይናገርምና።

ስለ አለጣጠፉ ብዙ የምለው የለኝም። ፊደሉ ከአምስት እርምጃ ርቀት ሳይቆሙ የሚነበብ እንዲሆን አደርገዋለሁ፤ በሰኔ የጅማ ዝናብ ከጣሪያው ጠርዝ እየተረጨ ቀለሙን ስለሚያወርደው ወረቀቱን በላስቲክ እሸፍነዋለሁ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆች በብሔራዊ ፈተናቸው ሰሞን ይህን ሰሌዳ አያዩትም፤ የእኛዎቹ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚፈተኑት ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው ነው። ስለዚህ ግጥሙን ይዘው መሄድ የሚችሉት በቃላቸው ብቻ ነው። ከሁለት ስንኝ እንዳይረዝም የምጠነቀቀው ለእነሱም ስል ነው።

ማታ የጠዋቱን ፈተና ማረም ጀመርኩ። በአንዱ የጥያቄ ወረቀት ላይ የ23ኛው ጥያቄ ቁጥር በእርሳስ ስስ ሆኖ ተከቧል። የመልስ ወረቀቱን አውጥቼ አየሁት፤ 22ኛውና 24ኛው ረድፍ በአንድ ዓይነት ደብዛዛ እርሳስ ጠቁረዋል፤ የ23ኛው ግን ከሁለቱም ይልቅ ደምቆ፣ ጫፉ ገና በተቀረጸ እርሳስ፣ በራሱ ቦታ ላይ ጠቁሯል።