በአንዲት ሴል የተጻፈ ተመን

ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ አንድ የትርጉም ቢሮ የሒሳብ ሠራተኛ ሳለሁ፣ የውጭ አገር ደንበኞቻችንን ሒሳብ የምይዘው በኤክሴል ነበር። የዶላሩ መጠን በ`B` ዓምድ ይገባል፤ የምንዛሪው ተመን ግን `H1` ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ይጻፍና ብሩ በሚከተለው ቀመር ይሰላል፦

```
=B2*$H$1
```

ተመኑ በየቀኑ በጥቂት ሳንቲም ብቻ ይንቀሳቀስ ስለነበር ስሕተቱ ለረጅም ጊዜ አልታየኝም።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በአንድ ቀን ወደ 75 ብር ተጠጋ። እኔም `H1` ላይ 57ን ሰርዤ 75 ጻፍኩ።

በወሩ መጨረሻ መዝገቡን ከባንኩ መግለጫ ጋር ሳስታርቅ የ14,400 ብር ልዩነት ወጣ። ሁለት ቀን ሙሉ ያልተመዘገበ ገቢ ስፈልግ ከቆየሁ በኋላ፣ ልዩነቱን ለሁለቱ ተመኖች ልዩነት፣ ማለትም ለ18፣ ባካፍለው ልክ 800 ሆነ። 800 ዶላር ደግሞ አንድ ደንበኛ ከለውጡ በፊት የከፈለን ቅድሚያ ክፍያ ነበር። ባንኩ በዕለቱ 45,600 ብር ገቢ አድርጎልናል፤ የእኔ ሰንጠረዥ ግን በአዲሱ ተመን አስልቶ 60,000 ብር አድርጎታል። ይበልጥ ያስደነገጠኝ ሰኔ 30 የተዘጋው በጀት ዓመት ገቢም አብሮ መቀየሩ ነው፤ ለሥራ አስኪያጁ ፈርሜ ያስረከብኩት ሪፖርት ከራሴ ፋይል ጋር አይገጥምም ነበር።

ከዚያ በኋላ ተመኑን፣ ቀኑንና ባንኩን በየመስመሩ በእጅ አስገባለሁ፤ ቀመሩም `=B2*C2` ሆነ። የዚያን ደንበኛ ሒሳብ እንደገና ስሠራው፣ የ2,000 ዶላሩ ኢንቮይስ በወጣበት ቀን ተመን 114,000 ብር ሆኖ ጸና። ቅድሚያ ክፍያው ሲነሣለት የቀረው 1,200 ዶላር በመዝገብ 68,400 ብር ነው። ቀሪው ክፍያ በ75 ብር ተመን ሲገባ ግን ባንኩ የመዘገበልን 88,125 ብር ነበር። ይህን በቀጥታ ከመዝገቡ ጋር ማነጻጸር ያሳስታል፤ መጀመሪያ ወደ ዶላር መመለስ ያስፈልጋል። 88,125 ለ75 ሲካፈል 1,175 ስለሚሆን፣ በመካከል ያለፈው ባንክ 25 ዶላር አገልግሎት ቆርጧል ማለት ነው። ስለዚህ 1,875 ብር በባንክ ወጪ፣ 21,600 ብር ደግሞ በምንዛሪ ልዩነት ገቢ ተመዘገበ፤ የደንበኛውም ዕዳ ዜሮ ሆነ።

«ይህ ትርፍ ከትርጉም ሥራው ገቢ ጋር አይደመርም ወይ?» ብለው ሥራ አስኪያጁ ጠየቁኝ። እንደማይደመር በአክብሮት አስረዳኋቸው፤ ሥራው የተሸጠው በ2,000 ዶላር ነው፣ 21,600 ብሩን ያመጣው ግን የክፍያው መዘግየት ነው፤ ተመኑ ወርዶ ቢሆን ኖሮ ያው መዘግየት ኪሳራ ያስከትልብን ነበር። በሚቀጥለው ፕሮፎርማ ላይም ዋጋው በዶላር መሆኑን፣ የባንክ ማስተላለፊያ ወጪውን ከፋዩ እንደሚሸፍንና ዋጋው የሚጸናበትን ቀን አብረን ጻፍን።