የኢንቨርተር ባትሪዬ ቶሎ ሲያልቅብኝ ክዳኑን ከፍቼ ያየሁት

መብራት ሲጠፋ ኢንቨርተሩ ከአራት ሰዓት በላይ ያቆየኝ ነበር። የማሠራበት አምፖሎች፣ ዋይፋይና ቴሌቪዥን ብቻ ነው፤ ሁሉም ተደምሮ 150 ዋት ቢሆን ነው። ባትሪው 12 ቮልት፣ 150 አምፒር ሰዓት ነው። ሲባዛ 1800 ዋት ሰዓት ይመጣል፤ ግማሹን ብቻ ብጠቀምና ኢንቨርተሩ ራሱ የሚያባክነውን ብቀንስ አምስት ሰዓት ገደማ ሊሄድ ይገባዋል። እሱ ግን አንድ ሰዓት ሳይሞላ መጮህ ጀመረ። የባሰው ደግሞ መብራት ሲመጣ ወዲያው "ሞላሁ" ማለቱ ነው። ቶሎ የሚሞላና ቶሎ የሚያልቅ ባትሪ ውስጡ የሚሠራው ክፍል ቀንሷል ማለት ነው።

ጓደኛዬ "በቃ ሞቷል፣ ቀይረው" አለኝ። እኔ ግን መጀመሪያ ውሃውን ልይ አልኩ። የኔ ክዳን የሚከፈትለት ዓይነት ነው፣ ስድስት ሴል አለው። ሙሉ በሙሉ የታሸገ ወይም ጄል የሆነ ባትሪ ካላችሁ ግን አትነካኩት፣ ውሃ የሚጨመርበት አይደለም።

ኢንቨርተሩን አጠፋሁ፣ ከግድግዳው ነቀልኩት፣ መስኮት ከፈትኩ። ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ ሃይድሮጂን ስለሚያወጣ አጠገቡ ክብሪትም ሲጋራም አይሞከርም። መነጽርና የጎማ ጓንት አደረግኩ። ክዳኖቹን ከመክፈቴ በፊት ላዩን በእርጥብ ጨርቅ ጠረግኩት፤ አቧራው ወደ ውስጥ እንዳይገባ ነው።

በባትሪ መብራት ቀዳዳው ውስጥ ሳይ ነገሩ ግልጽ ሆነ። አራቱ ሴሎች ላይ ፈሳሹ ከፕሌቶቹ ጫፍ ጋር እኩል ነበር። በሁለቱ ላይ ግን የፕሌቶቹ አናት ከፈሳሹ ወጥቶ ደርቋል፣ ነጣ ያለ ነገርም ይዞታል። ከፈሳሽ የወጣ የፕሌት ክፍል ኃይል አይዝም፣ አየር ላይ በቆየ ቁጥርም እየተበላሸ ይሄዳል። የጠፋብኝ ሰዓት እዚያ ነበር።

የሚጨመረው ዲስቲልድ ውሃ ብቻ ነው፣ አሲድ አይደለም። ቻርጅ ሲደረግ የሚጠፋው ውሃው ነው፤ አሲዱ እዚያው ይቀራል። አሲድ ብትጨምሩ ከልክ በላይ ይከብድና ፕሌቱን ይበላዋል። የቧንቧ ውሃም አይሆንም፣ በውስጡ ያለው ማዕድን ውሃው ሲተን እዚያው ይጠራቀማል። "አንድ ጊዜ ብቻ ምን ያደርጋል" የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ባላደርገው እመርጣለሁ።

አጨማመሩ ላይ ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር አለ። ፈሳሹ ባትሪው ሲሞላ ከፍ ይላል። ስለዚህ ባዶ ባትሪ ላይ እስከ አፉ ከሞላችሁት ቻርጅ ላይ ሲሆን አሲድ ይዞ ይፈሳል። እኔ በትንሽ የፕላስቲክ ማንቆርቆሪያ ፕሌቶቹ እስኪሸፈኑ ብቻ ጨመርኩና ክዳኖቹን መልሼ ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ ላይ አቆየሁት። ጠዋት አጥፍቼ ትንሽ ከቆየ በኋላ ነው ወደ ትክክለኛው ልክ ያደረስኩት፤ ከፕሌቶቹ በላይ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ። የእናንተ ባትሪ ተንሳፋፊ ምልክት ወይም የከፍታ መስመር ካለው እሱን ተከተሉ።

የፈሳሹን ክብደት ከውሃ ጋር አነጻጽሮ የሚለካውን ሃይድሮሜትርም ተጠቅሜያለሁ፣ ግን ውሃ እንደጨመራችሁ አትለኩ። አዲሱ ውሃ ቀላል ስለሆነ ላይ ላዩን ይቀመጣል፤ ንባቡም ከእውነቱ ዝቅ ብሎ ይወጣል። ቻርጅ ተደርጎ ሲቀላቀል ስለካ አምስቱ ሴሎች 1.25 አካባቢ ሲሆኑ አንደኛው 1.21 ላይ ቀረ። ደርቀው ከነበሩት ሁለቱ አንዱ ነው።

ውጤቱስ? አሁን ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ይሄዳል። የደረቀው ፕሌት እንደነበረ አልተመለሰም፤ ውሃ የተበላሸውን አያድንም፣ የቀረውን ነው የሚያተርፈው። አሁን በየወሩ ክዳን እከፍታለሁ። መብራት ቶሎ ቶሎ በሚጠፋበትና በሙቀት ወቅት ውሃው ፈጥኖ ይወርዳል።

ውሃ በየሳምንቱ የሚጠጣ ባትሪ ካጋጠማችሁ ደግሞ ኢንቨርተሩን ጠርጥሩ። ባትሪው ከሞላ በኋላ ጫፎቹ ላይ በመልቲሜትር ለኩ። የኔ 13.7 ቮልት ያሳያል፣ ደህና ነው። ሞልቶም ከ14 ቮልት በላይ ሰዓታት የሚቆይ ከሆነ ግን እያፈላው ነው፤ በኢንቨርተሩ ላይ ያለው የባትሪ ዓይነት መምረጫ ትክክለኛው ላይ መሆኑን እዩ። ሁሉም ሴል እኩል ሳይሆን አንዱ ብቻ ደጋግሞ የሚደርቅ ከሆነ ችግሩ ከዚያ ሴል ነው። የኔን 1.21 ሴልም የምከታተለው ለዚህ ነው፤ ከሌሎቹ ጋር ያለው ልዩነት 0.05 ካለፈ ባትሪውን እቀይረዋለሁ።