መለያው ላይ ያልተጻፈው ቦሮን

ዋፈር በሚባለው ስስ የሲሊከን ዝርግ ማሸጊያ ላይ የሰፈረው አጭር ነበር፤ ፎስፈረስ የተጨመረበት ሲሊከን፣ 5 ኦም ሴንቲ ሜትር። ከዚህ ቁጥር ተነሥቶ በአንድ ኩብ ሴንቲ ሜትር ውስጥ 10¹⁵ ገደማ ነፃ ኤሌክትሮኖች እንዳሉ ማስላት ይቻላል። ከ50 ሚሊዮን የሲሊከን አቶሞች አንዱ ብቻ በፎስፈረስ ተተክቷል እንደ ማለት ነው። ንጹሕ ሲሊከን ግን በክፍል ሙቀት የሚኖሩት ነፃ ኤሌክትሮኖች 10¹⁰ ያህል ብቻ ስለሆኑ፣ ያቺ ኢምንት ጭማሪ የኤሌክትሮኑን ቁጥር መቶ ሺህ ጊዜ አብዝታዋለች።

እኔን ያሳሰበኝ ይህ 10¹⁵ የሁለት ቁጥሮች ልዩነት መሆኑ ነው። ፎስፈረስ ለጋሽ ነው፤ ከአምስቱ የውጭ ኤሌክትሮኖቹ አራቱ ከጎረቤት ሲሊከኖች ጋር ሲተሳሰሩ አምስተኛው በ0.045 ኤሌክትሮን ቮልት ብቻ ተይዞ ይቀራል። ቦሮን ደግሞ ሦስት ብቻ ስላሉት አንድ ኤሌክትሮን ይቀበላል። ሁለቱ በአንድ ክሪስታል ውስጥ ከተገናኙ፣ እያንዳንዱ ቦሮን የአንድ ፎስፈረስን ኤሌክትሮን ይውጣል፤ የክፍል ሙቀት መለኪያ የሚያየው የተረፈውን ብቻ ነው። ቦሮን ደግሞ በቀላሉ የሚወገድ እንግዳ አይደለም። ከቀለጠ ሲሊከን ክሪስታል ሲሳብ፣ አብዛኛው ቆሻሻ በፈሳሹ ውስጥ ሲቀር ቦሮን ግን በፈሳሹ ውስጥ ካለው መጠን 0.8 ያህሉን ይዞ ወደ ጠጣሩ ይገባል። ስለዚህ ለጋሹንና ተቀባዩን ለየብቻ ለመቁጠር ፈለግሁ፤ መንገዱም ናሙናውን እያቀዘቀዙ የሆል ቮልቴጅን መለካት ነው፤ ይህም ኮረንት የሚያልፍበት ናሙና በማግኔት ውስጥ ሲሆን በጎኑ የሚፈጠረው ቮልቴጅ ሲሆን፣ ከእሱ የነፃ ኤሌክትሮኖቹ ብዛት ይሰላል።

ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ መለካቱ ሳይሆን ሽቦ የሚገናኝባቸውን ነጥቦች ማዘጋጀቱ ነበር። ጥቂት ፎስፈረስ ባለበት ሲሊከን ላይ አሉሚኒየም ቢለጠፍ ኮረንትን በአንድ አቅጣጫ እያሳለፈ በሌላው የሚያግድ መገናኛ ይፈጠራል። ብርድ ሲመጣ ደግሞ ይብስበታል። መፍትሔው እዚያው ዶፒንጉ፣ ማለትም ባዕድ አቶም መጨመሩ ውስጥ አለ። አንድ ሴንቲ ሜትር በአንድ ሴንቲ ሜትር የሆነውን ቁራጭ በኦክሳይድ ሸፍኜ አራቱን ማዕዘኖች ብቻ በሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ከፈትሁ፤ ከዚያም ፎስፈረስ ያለበትን ፈሳሽ በማሽከርከር ቀብቼ በ1000 ዲግሪ ሴልሺየስ ምድጃ ውስጥ አሰረግሁት። ፎስፈረስ በኩብ ሴንቲ ሜትር ከ4×10¹⁸ ገደማ ሲያልፍ አቶሞቹ እጅግ ስለሚቀራረቡ ኤሌክትሮኖቹ ለመላቀቅ ሙቀት አይጠብቁም፤ ያ ክፍል እንደ ብረት ሆኖ በምንም ብርድ አይቆለፍም፤ ማለትም ኤሌክትሮኖቹ ተመልሰው በአቶሞቹ አይያዙም። አሉሚኒየሙን ያሳረፍሁት በእነዚህ ማዕዘኖች ላይ ነው። መገናኛው ደህና መሆኑን የማውቀው የኮረንትና የቮልቴጁ መስመር በሁለቱም አቅጣጫ ቀጥ ብሎ ሲሄድ ነው፤ ይህንን በክፍል ሙቀት ብቻ ሳይሆን በየሙቀቱ መፈተሽ ግድ ይላል።

ናሙናው ግማሽ ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው። በ0.5 ቴስላ ማግኔት ውስጥ 1 ሚሊ አምፔር ሲያልፍበት 6 ሚሊ ቮልት ገደማ የሆል ቮልቴጅ ይሰጣል። አራቱ ነጥቦች ፍጹም ትይዩ ስለማይሆኑ የማይፈለግ ቮልቴጅ ይቀላቀላል፤ ማግኔቱንም ኮረንቱንም እየገለበጥሁ በመለካት አጣፋሁት። ሙቀቱ ሲወርድ ኮረንቱን ቀነስሁ፤ ኮረንቱን በግማሽ ስቀንስ የተቆጠረው የኤሌክትሮን ብዛት ካልተለወጠ፣ ናሙናውን በራሴ ኮረንት እያሞቅሁት አይደለም ማለት ነው።

በ300 ኬልቪን የተገኘው እንደተጠበቀው 10¹⁵ ነው። በፈሳሽ ናይትሮጅን ሙቀት፣ በ77 ኬልቪን፣ ወደ 0.72×10¹⁵ ወረደ። ሲሊከን በናይትሮጅን ይቆለፋል የሚባለው ለሁሉም አይሠራም፤ ለ10¹⁵ ፎስፈረስ ሦስት አራተኛው ገደማ ገና ነፃ ነው። ፎስፈረሱ 10¹⁷ ቢሆን ግን ነፃ የሚሆነው 13 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። ብዙ ኤሌክትሮን በተለቀቀ ቁጥር ተመልሶ የመያዙ ዕድልም ስለሚጨምር፣ ዶፒንጉ የበዛበት ሲሊከን ቀድሞ መቆለፍ ይጀምራል።

ለንጽጽር የተጠቀምሁበት ስሌት ይህ ነው። `Nd` የለጋሾች፣ `Na` የተቀባዮች ብዛት ነው፤ የሚያገለግለውም በብርዱ በኩል ነው።

```python
from math import exp, sqrt
def n(T, Nd, Na):
    Nc = 2.8e19*(T/300)**1.5
    n1 = Nc/2*exp(-0.045/(8.617e-5*T))
    b = Na + n1
    return (-b + sqrt(b*b + 4*n1*(Nd-Na)))/2
```

ቦሮን የለም ብዬ ሳሰላ በ77 ኬልቪን 0.74×10¹⁵ ይወጣል። ቦሮን 10¹⁴፣ ፎስፈረስ 1.1×10¹⁵ ብዬ ሳሰላ ደግሞ 0.72×10¹⁵። በመለኪያዬ ትክክለኛነት ሁለቱ አንድ ናቸው፤ ናይትሮጅን ብቻ ያለው ቤተ ሙከራ ቦሮኑን አያየውም። የሂሊየም ማቀዝቀዣ ባለው ክራዮስታት ወደ 40 ኬልቪን ስወርድ ግን ነገሩ ተገለጠ። ያለ ቦሮን የሚጠበቀው 3.7×10¹³ ሲሆን፣ የተለካው 1.3×10¹³ ነበር፤ 10¹⁴ ቦሮን አለ የሚለው ስሌት የሚሰጠው ይህንኑ ነው። በክፍል ሙቀት ፍጹም የሚመሳሰሉ ሁለት ሲሊከኖች እዚህ በሦስት እጥፍ ይለያያሉ።

ይህን ልዩነት ሌላ ነገር ሊያመጣው ይችል እንደሆነ መረመርሁ። የሆል ቮልቴጅ ወደ ኤሌክትሮን ብዛት ሲለወጥ የሚገባው ማስተካከያ አሥርና ሃያ በመቶ ቢያዛባ ነው እንጂ ሦስት እጥፍ አያደርስም። ቴርሞሜትሩ ይበልጥ አደገኛ ነው፤ ናሙናው በእውነት 35 ኬልቪን ላይ ቢሆን ኖሮ ያለ ምንም ቦሮን ይህንኑ ቁጥር ባገኘሁ ነበር። ስለዚህ ቴርሞሜትሩን ከናሙናው አጠገብ፣ በዚያው መዳብ ላይ ማሰር አስፈለገ። የኤሌክትሮኑ ብዛት ሎጋሪዝም ከ1/T አንጻር ሲሳል የሚወጣው መስመር ቁልቁለትም ሌላ ምስክር ነው። የኤሌክትሮኑ ብዛት ከቦሮኑ ሲያንስ ቁልቁለቱ ሙሉውን 0.045 ኤሌክትሮን ቮልት ወደ ማሳየት ያዘነብላል፤ ቦሮን ከሌለ ግን ግማሹን ብቻ ያሳያል። ቁልቁለቱን ብቻ አይቶ የፎስፈረስ ጉልበት ተለወጠ የሚል ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

በሙቀቱ በኩል ታሪኩ አጭር ነው። ከክፍል ሙቀት ጀምሮ እስከ 450 ኬልቪን ድረስ ቁጥሩ ከ10¹⁵ አይነቃነቅም። ወደ 270 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ የሲሊከኑ የራሱ ኤሌክትሮንና ቀዳዳ፣ ማለትም ኤሌክትሮን የጎደለበት ቦታ፣ ብዛት ከዶፒንጉ ጋር ይስተካከላል፤ ከዚያ በላይ እየሞቀ ሲሄድ ፎስፈረሱ የሚያመጣው ለውጥ እያነሰ ይሄዳል። ናሙናውን ወደ 450 ዲግሪ አስጠግቶ ማቆየት ግን አይገባም፤ በክሪስታሉ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ተሰባስቦ አዳዲስ ለጋሾችን ይፈጥርና ቀጣዩ መለኪያ የሌላ ሲሊከን ይሆናል። ቦሮን የተጨመረበትን ዋፈር በዚሁ መንገድ ያሞቀ ሰው ደግሞ የሆል ቮልቴጁ ዜሮ ደርሶ ምልክቱን ሲገለብጥ ያያል። መሣሪያው አልተበላሸም፤ ኤሌክትሮን ከቀዳዳ ይልቅ ፈጣን ስለሆነ በቁጥር ሳይበልጥ በቮልቴጁ ይበልጣል።

ዘዴው ወሰን አለው። ቦሮኑ 10¹² ብቻ ቢሆን የሚታየው ከ28 ኬልቪን ገደማ ጀምሮ ወደ ታች ነው። እጅግ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ነፃ የሆነ ኤሌክትሮን ስለማይተርፍ ኮረንቱ ከአንዱ ፎስፈረስ ወደ ሌላው በመዝለል መተላለፍ ይጀምራል፤ ያኔ የሆል ቮልቴጅ የኤሌክትሮን ብዛትን መናገሩን ስለሚያቆም፣ ከዚያ በታች ያሉትን ነጥቦች ከስሌቱ አውጥቻቸዋለሁ።