ሌሊት ለሚደነዝዝ እጅ፦ ስፕሊንቱ ቀጥ ይበል

እዚህ ጅማ የጅማ በርጩማ እየጠረብኩ ነው የምኖረው። መሮና መዶሻ ከእጄ አይጠፉም። ቀን ብዙም አይሰማኝም፤ ሌሊት ግን ቀኝ እጄ ድንዝዝ ብሎ፣ ጣቶቼን ውርር እያደረገ ይቀሰቅሰኝ ጀመር። ተነስቼ እጄን ሳራግፈው ይለቀኛል፤ ተኛሁ ስል ደግሞ ይመለሳል።

ሰፈር ውስጥ "ብርድ ነው" ያላለኝ የለም። ፊዚዮቴራፒስቷ ግን መጀመሪያ የጠየቀችኝ የትኞቹ ጣቶች እንደሚደነዝዙ ነው። አውራ ጣት፣ ሌባ ጣት፣ የመሃል ጣት፣ የቀለበት ጣት በመሃል ጣት በኩል ያለው ጎኑ። ትንሿ ጣት ደህና ናት። ከዚያ የሁለቱን እጆቼን ጀርባ አጋጥሜ፣ አንጓዬን ወደ ታች አጥፌ አንድ ደቂቃ እንድቆይ አደረገችኝ። ደቂቃው ሳይሞላ መውረሩ መጣ። ካርፓል ተነል ሳይሆን አይቀርም አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአንጓ በኩል ጠባብ መተላለፊያ አለ፤ ጣት የሚያጥፉት ጅማቶችና ሚዲያን የሚባለው ነርቭ ተጠጋግተው ያልፉበታል። አንጓ ሲታጠፍ እዚያ ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምርና ነርቩ ይጨቆናል። እንቅልፍ ላይ ደግሞ ሳናውቀው እጃችንን አጥፈን፣ አንዳንዴም ትራስ ስር ከተን ነው የምናድረው። ስፕሊንት የሚባለው የአንጓ ድጋፍ ማሰሪያ የሚጠቅመው ለዚህ ነው፤ ሌላ ተአምር የለውም፣ አንጓው እንዳይታጠፍ ይይዘዋል።

ከፋርማሲ የገዛሁት ስፕሊንት በመዳፍ በኩል ብረት አለው፤ ብረቱ አንጓን ወደ ኋላ እንዲቀለብስ ሆኖ የታጠፈ ነው። ወደ ኋላ መቀልበስም ግፊት ይጨምራል። ፊዚዮቴራፒስቷ ብረቱን ከኪሱ አውጥታ በእጇ አቃናችውና መለሰችው። ሲታሰር መዳፍና ክንድ በአንድ መስመር ይሆናሉ፣ ጣቶች በነፃነት ይታጠፋሉ። ማሰሪያውን አጥብቆ መሳብ ጥሩ አይደለም፤ ጣት ካበጠ ወይም መደንዘዙ ከባሰ ይላላ።

በየሌሊቱ ቢያንስ 6 ሳምንት ነው የተባልኩት፣ ቢሻለኝም ሳላቋርጥ። የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች በእንቅልፍ ልቤ ፈትቼ ስጥለው ነበር። እየለመድኩት ስሄድ መንቃቱ ቀነሰ፣ ቀስ በቀስም ቀረ። መሮ አብዝቼ በያዝኩበት ቀን ግን አሁንም ሌሊት ትንሽ ይነካካኛል፤ ስለዚህ በሥራ መሃል እጄን አሳርፋለሁ፣ የመሮውን እጀታም በጨርቅ ጠቅልዬ አወፈርኩት።

ጎረቤቴ ጋሼ አይተው እሳቸውም አሰሩ። ለውጥ የለም። ስንጠያየቅ የሚደነዝዛቸው ትንሿ ጣት ናት፤ እሷን የሚያዳርሰው ሌላ ነርቭ ነው፣ ብዙ ጊዜም የሚጨቆነው ክርን ላይ ነው። እጅ ቀኑንም ሙሉ ከደነዘዘ፣ ዕቃ ከእጅ ከወደቀ ወይም የአውራ ጣት ሥር ያለው ሥጋ ከሟሸሸ ደግሞ ስፕሊንት ብቻውን አይበቃም፤ የነርቭ ምርመራ፣ መርፌ ወይም ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ስለሚችል ሐኪም ይየው። ስኳርና የታይሮይድ ችግርም ይህን ያመጣሉና እነሱንም መመርመር ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ስፕሊንቱን ጠዋት እጠቡት። በጅማ ክረምት ማታ የታጠበ ለመኝታ አይደርስም።