የታጠፈው ጣቴ፦ የአራት ወር ማስታወሻ

ሐዋሳ ላይ ጠዋት ጠዋት ከሐይቁ ዳር አብረን የምንራመድ ጓደኞቼ ስለ ጣቴ ስለጠየቃችሁኝ እስካሁን ያየሁትን እጽፍላችኋለሁ።

የግራ እግሬ ሁለተኛ ጣት ከአውራ ጣቴ ትንሽ ይረዝማል። ጫፉ ጠባብ በሆነ የቆዳ ጫማ ለዓመታት ቆሜ በማስተማሬ ጣቱ የሚዘረጋበት ቦታ አጥቶ በመሃለኛው መገጣጠሚያው ላይ ጎበጠ፤ በጉብታው ላይ ጫማው የሚፈትገው ቆዳም ደርቆ ሽንብራ አከለ። ይህ መዶሻ ጣት ይባላል። የአሞራ ጥፍር የሚመስለው ሌላው ዓይነት ግን ጣቱ ከእግር ጋር የሚያያዝበት መገጣጠሚያ ወደ ላይ ተቀልብሶ የመሃሉና የጫፉ ሁለቱም ወደ ታች የሚታጠፉበት ነው።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ እንዳስረዳችኝ፣ በእግር ውስጥ ያሉት ትናንሽ ጡንቻዎች የጣቱን ሥር ወደ ታች ይዘው መሃሉን ቀጥ ያደርጋሉ። እነሱ ሲደክሙ ከቅልጥም የሚመጡት ረጃጅም ጅማቶች ይበረታሉ፤ የላይኛው የጣቱን ሥር ያነሳል፣ የታችኛው ጫፉን ይጠቀልላል። የስኳር ሕመም ያለባቸው አጎቴ አራቱ ጣቶቻቸው እንዲህ የሆኑት ወደ እነዚያ ጡንቻዎች የሚሄዱት ነርቮች ስለተጎዱ ነው።

ባለሙያዋ አውራ ጣቷን ከጣቶቼ ሥር፣ ከውስጥ እግሬ በኩል አድርጋ ወደ ላይ ስትገፋ የታጠፈው ጣት ቀጥ አለ። መገጣጠሚያው ገና አልደረቀም ማለት ነው፤ ጣቱን ደግፎ የሚይዘው ስፕሊንት የሚጠቅመውም በዚህ ደረጃ ነው። የሰጠችኝ ከሥሩ ስፖንጅ ያለው፣ ጣቱን ወደ ታች የሚይዝ የጨርቅ ቀለበት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት አጥብቄው ጣቴ ደነዘዘ፤ አላላሁት። በሦስተኛው ወር የደረቀው ቆዳ ለስልሶ ሕመሙ ቀነሰ፤ ሆኖም ማታ ሳወልቀው ጣቱ ወዲያው ይታጠፋል። ስፕሊንቱ ሕመም ያስታግሳል እንጂ ጣት አያቃናም፤ እውነቱን ለመናገር ከእሱ ይልቅ የጠቀመኝ ጫፉ ሰፊ የሆነ ጫማ መቀየሬ ነው። ለአጎቴ ግን ቀለበቱን ከለከለቻቸው፤ እግራቸው ስለማይሰማቸው ጨርቁ ቢፈትጋቸው ቁስሉን ሳያውቁት ይሰፋል።

ቀዶ ሕክምናው እንደ ጣቱ ሁኔታ ይለያያል። ጣቱ ገና የሚታዘዝ ከሆነ የታችኛውን ጅማት መቁረጥ ወይም ወደ ላይ ማዛወር ሊበቃ ይችላል። ከደረቀ ግን ከመሃለኛው መገጣጠሚያ ትንሽ አጥንት ተቆርጦ ጣቱ ይቃናል፤ ብዙውን ጊዜም በቀጭን ሽቦ ተይዞ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይቆያል። እብጠቱ ለወራት ሊዘልቅ፣ ጣቱም እንደ ቀድሞው ላይታጠፍ ይችላል፤ አንዳንዴም ተመልሶ ይጎብጣል። ስለዚህ ለመልክ ብሎ የሚሠራ አይደለም።

እኔ በየወሩ መጀመሪያ ያንኑ ግፊት ራሴ እሞክራለሁ። ዛሬ ጠዋትም ጣቱ ቀጥ ብሏል፤ ቀጥ ማለቱን ያቆመ ዕለት፣ ወይም ጉብታው ላይ ቁስል የወጣ ዕለት፣ ወደ አጥንት ሐኪም እሄዳለሁ።