ከዝርዝሩ የጠፋው ቡድን

የግዢ ክፍል ባልደረባዬ ስልኳን እንደጨበጠች ወደ ጠረጴዛዬ መጣች። «የአቅራቢዎቹ የቴሌግራም ቡድን ጠፋብኝ። የዋጋ ማቅረቢያው ሁሉ እዚያ ነው ያለው፤ ሳያስወጡኝ አልቀሩም» አለች። ፊቷ ደም አልነበረውም።

አጠገባችን የተቀመጠው ልጅ መተግበሪያውን አጥፍታ እንደገና እንድትጭን መከራት። ፈጥኜ ከለከልኳት። የተራ ቡድን መልእክቶች በሰርቨር ላይ ስለሚቀመጡ ተመልሰው ይመጣሉ፤ Secret Chat የሚባለው ምሥጢራዊ ውይይት ግን ያለው በተከፈተበት ስልክ ላይ ብቻ ስለሆነ መተግበሪያው ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። እሷም ከአንድ አቅራቢ ጋር እንዲህ ያለ ውይይት ነበራት።

ይልቅ በመፈለጊያው ላይ የቡድኑን ስም እንድትጽፍ ነገርኳት። ገና ሁለት ፊደል እንደጻፈች ቡድኑ ከነ46 ያልተነበቡ መልእክቶቹ ብቅ አለ። ያኔ ነገሩ ገባኝ። ከግል ቡድን የተባረረ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቡድኑን ፈልጎ አያገኘውም። የሁለት ሰዎች ውይይት ተሰርዞ ከሆነ ደግሞ የሰውየው ስም ይገኛል፤ ሲከፈት ግን ባዶ ነው። የቀድሞው ጽሑፍ እንዳለ ከተከፈተ ውይይቱ ከዝርዝሩ ተነሥቶ ሌላ ቦታ ተቀምጧል ማለት ነው።

ዝርዝሩን ከላይ ይዛ ወደ ታች እንድትስበው አደረግሁ። Archived Chats የሚል ረድፍ ወረደ፤ ቡድኑ እዚያ ውስጥ ተቀምጧል። በእሷ ስልክ አንድን ውይይት በጣት ወደ ግራ መጥረግ ወደ ማኅደር ይልከዋል። መመለሻው ቁልፍ ከታች የሚታየው ለጥቂት ሰከንዶች ብቻ ስለሆነ፣ ስትሄድ ወይም ስልኩን ኪሷ ስትከት ሳታየው አልፏት ይሆናል።

«ታዲያ ባለፈው የእህቴ ውይይት እንዲሁ ጠፍቶብኝ በማግሥቱ ራሱ ተመልሶ መጣ፤ ይኼስ ለምን ቀረ?» ብላ ጠየቀችኝ። በጣም የወደድኩት ጥያቄ ነው፤ ምክንያቱም ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ማኅደር ውስጥ ያለ ውይይት ድምፁ ካልተዘጋ አዲስ መልእክት ሲደርሰው ወደ ዋናው ዝርዝር ይመለሳል። ድምፁ የተዘጋ ከሆነ ግን መቶ መልእክት ቢገባም ከዚያ አይወጣም። የአቅራቢዎቹ ቡድን ጧት ማታ ስለሚጮህባት ድምፁን የዘጋችው ከወር በፊት ነበር።

ቡድኑን በጣቷ ተጭና ከቆየች በኋላ Unarchive የሚለውን መረጠች፤ ከዚያም Pin ብላ ዝርዝሩ አናት ላይ ተከለችው። በኮምፒውተሯ ላይ ማኅደሩ ከዝርዝሩ ተነሥቶ ወደ ዋናው ሜኑ ተዛውሮ ስለነበር ከሦስቱ መስመሮች ሥር አሳየኋት። ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠችና 46ቱን መልእክቶች ከመጀመሪያው ጀምራ ማንበብ ያዘች።